ከጎን ወደ ብሽሽት የሚወርድ ድንገተኛ ሕመም እና ደም የቀላቀለ ሽንት፦ የኩላሊት ጠጠር ይህን ያህል የሚያሰቃየው ለምንድን ነው?

ዛሬ የምናነሳው ብዙ ሰው በሌሊት ከአልጋው ስለሚያስነሳ ሕመም ነው። ሰውየው ማታ በሰላም ተኝቶ ሌሊት ላይ በአንድ ጎኑ፣ ከታችኛው የጎድን አጥንት ሥር፣ የሚቆርጥ ሕመም ይጀምረዋል። ሕመሙ ወደ ፊት ዞሮ ወደ ብሽሽቱ ይወርዳል። ቢተኛ፣ ቢቀመጥ፣ ቢንበረከክ አይተወውም። ያስመልሰዋል። ሽንቱን ሲሸና ደግሞ ቀይ ወይም የሻይ መልክ ያለው ነገር ያያል።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ካያችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኩላሊት ጠጠር ነው። በጋምቤላ ክልል፣ በተለይ እንደ ማታር ባሉ ሞቃታማ የኑዌር ዞን ከተሞች የምትኖሩ፣ ወይም ከደጋ ተመድባችሁ ለሥራ የሄዳችሁ ልጆች ይህን ጽሑፍ አስቀምጡት። ጠጠሩ ምን እንደሚሠራ ከገባችሁ የትኛው ሕመም ቤት ውስጥ የሚታገሡት፣ የትኛው ደግሞ ሌሊቱን የማይጠብቅ እንደሆነ መለየት ትችላላችሁ።

🔹 ጠጠሩ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ አንድ የቆየ እምነት እናንሳ። "ጤፉ በደንብ ስላልተነፋ፣ ምስሩ ስላልተለቀመ ጠጠር በልቼ ነው" የሚል ሰው ሞልቷል። አይደለም። ከምግብ ጋር የዋጥነው አሸዋ ወይም ጠጠር በአንጀት አልፎ በሰገራ ይወጣል። ወደ ኩላሊት የሚገባበት መንገድ የለውም።

የኩላሊት ጠጠር እዚያው ኩላሊት ውስጥ፣ ከራሳችን ሽንት ነው የሚሠራው። ሽንት ውስጥ የሟሟ ካልሲየም፣ ኦክሳሌት፣ ዩሪክ አሲድ እና ሌሎችም ነገሮች አሉ። ውሃው በቂ ሲሆን ሟሟተው ይወጣሉ። ውሃው ሲያንስ ግን ልክ ብዙ ጨው የተጨመረበት ብርጭቆ ሥር ላይ ጨው እንደሚዘቅጠው ይጠጥራሉ። መጀመሪያ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ይሆናል። ከዚያ በወራት እና በዓመታት ውስጥ የጤፍ ፍሬ፣ ቀጥሎ የምስር ፍሬ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያክላል። አብዛኛው ጠጠር ከካልሲየም የተሠራ ነው።

ሙቀቱ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። በጋምቤላ ቆላ በየካቲት እና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚነካባቸው ቀናት አሉ። በዚያ ፀሐይ የሚሸከም፣ የሚቆፍር ወይም የሚገነባ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ላብ ሊያጣ ይችላል። ሰውነት ያለችውን ውሃ ለመቆጠብ ሽንቱን ይቀንሳል፣ ያወፍረዋል። ጠዋት ላይ ጥቁር ቢጫ ሆኖ፣ ትንሽ ትንሽ ብሎ የሚወጣው ሽንት ጠጠር ለመሥራት የተመቸ ነው።

ይህ በግምት የተባለ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ወደ ኩዌት እና ኢራቅ በረሃ በተላኩ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ ሐኪሞች ባደረጉት ጥናት፣ ጠጠር የያዛቸው ወታደሮች ምልክቱን ያዩት በረሃው ከገቡ በአማካይ በ93 ቀናቸው ነበር። ሦስት ወር ማለት ነው። ከደብረ ብርሃን ወይም ከጎንደር ተነስቶ ማታር የተመደበ መምህር፣ ነርስ ወይም ግንበኛ በደጋ የለመደውን ያህል ውሃ እየጠጣ ከቆየ ተመሳሳይ ነገር እየሆነበት ነው።

🔹 ቱቦው ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ጠጠሩ ኩላሊት ውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ ብዙ ጊዜ አያምም። ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ የተነሳ ሰው "ጠጠር አለብህ" ተብሎ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ጠጠሩ ከኩላሊት ወጥቶ ወደ ፊኛ በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲገባ ነው። ሐኪሞች ዩሬተር ይሉታል። ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጡ ግን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህም ሆኖ እኩል ስፋት የለውም። ሦስት ጠባብ ቦታዎች አሉት፤ አንዱ ከኩላሊት እንደወጣ፣ ሁለተኛው የዳሌን ትልልቅ የደም ሥሮች ሲሻገር፣ ሦስተኛው ደግሞ ፊኛ ሊገባ ሲል። ጠጠር የሚቀረቀረው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ነው። ከሁሉም የሚጠበው ሦስተኛው ነው።

አሁን ጠጠሩ ቱቦውን ዘጋ እንበል። ኩላሊት ግን ሽንት መሥራቱን አያቆምም። ከላይ ይወርዳል፣ ከታች መውጫ የለም። ከመዘጊያው በላይ ያለው ቱቦ እና የኩላሊቱ ሽንት ማጠራቀሚያ ይወጠራል። የሚያሰቃየው ይህ ውጥረት ነው። ብዙ ሰው "ጠጠሩ እየቧጨረኝ ነው" ይላል፤ መቧጨሩ ደሙን ያመጣል እንጂ ዋናው ሕመም ከውጥረቱ ነው።

ነገሩን የሚያባብሰው የሰውነት የራሱ ምላሽ ነው። የተወጠረው ኩላሊት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ይለቃል። ይህ ኬሚካል ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር ያሰፋዋል። ብዙ ደም ሲገባ ብዙ ሽንት ይሠራል፤ ብዙ ሽንት ሲሠራ ውጥረቱ ይጨምራል። በዚያ ላይ የቱቦው ጡንቻ ጠጠሩን ገፍቶ ለማስወጣት እየጨበጠ ይለቃል። ሕመሙ አንዴ ጣሪያ ነክቶ፣ ትንሽ ረገብ ብሎ፣ ደግሞ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ እየመጣ እየሄደ የሚቆርጠውን ሕመም ሐኪሞች ኮሊክ ይሉታል።

ይህን ማወቅ አንድ ጥያቄ ይመልስልናል። "ብዙ ውሃ ልጠጣና ገፍቶ ያውጣው" የሚለው ምክር ሕመሙ በጦፈበት ሰዓት አይሠራም። በተዘጋ ቱቦ ላይ ውሃ ሲጨመር ጠጠሩ ቶሎ እንደሚወጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ውጥረቱን እና ማስመለሱን ግን ሊያብሰው ይችላል። በዚያ ሰዓት ለጥማት የሚሆን ያህል ጎንጨት ማለት ይበቃል። ውሃ በብዛት የሚጠጣው ከሕመሙ በፊት እና በኋላ ነው።

🔹 ኩላሊት ጀርባ ላይ ሆኖ ብሽሽት ለምን ያማል?

የሽንት ቱቦ እና ብሽሽት የሚጋሩት ነገር የነርቭ መስመር ነው። ከኩላሊት እና ከቱቦው የሚነሱት ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡበት ቦታ ከታችኛው ሆድ፣ ከብሽሽት እና ከብልት አካባቢ የሚመጡት ነርቮች ከሚገቡበት ጋር ይገናኛል። አንጎል መልእክቱ ከየትኛው እንደመጣ በትክክል አይለይም። ስለዚህ ቱቦው ሲወጠር ወንዱ የዘር ፍሬውን፣ ሴቷ የብልቷን ከንፈር ሊያማቸው ይችላል፤ እዚያ ግን ምንም በሽታ የለም። የኩላሊት ነርቭ ከጨጓራና አንጀት ነርቭም ጋር ስለሚገናኝ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል።

ጠጠሩ ሲወርድ ሕመሙም አብሮ ቦታ ይለውጣል። ላይኛው ቱቦ ላይ ሳለ ጎን እና ጀርባ ነው የሚያመው። መሐል ሲደርስ ሆድ ፊት ለፊት ይዞራል። ፊኛ አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ብሽሽት ይወርድና አዲስ ነገር ይጨመራል፤ በየደቂቃው "ሽንቴ መጣ" ማለት፣ ሲሄዱ ግን ጠብታ ብቻ። ብዙ ወጣቶች ይህን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የአባላዘር በሽታ ነው ብለው ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተው ይውጣሉ።

ሌላ መለያ ደግሞ እንቅስቃሴው ነው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው አንድ ቦታ አይረጋም። ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል። ትርፍ አንጀቱ የተቆጣ ወይም አንጀቱ የተበሳ ሰው ግን መነቃነቅ ስለሚያመው ጭጭ ብሎ ይተኛል። ታማሚው አልነቃነቅም ካለ፣ ሆዱም እንደ ጣውላ ከደረቀ፣ "ጠጠር ነው" ብላችሁ አትዘናጉ።

🔹 ደሙስ?

ጠጠሩ የቱቦውን ስስ ግድግዳ ሲፍቅ ደም ይወጣል። አንዳንዴ ሽንቱ በግልጽ ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በዓይን አይታይም፣ በምርመራ ብቻ ነው የሚገኘው። ጠጠር ካለባቸው ከአሥር ሰዎች በአንዱ ገደማ ደግሞ ምርመራውም ደም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ደም አለመኖሩ ጠጠር የለም ማለት አይደለም።

በተቃራኒው፣ ሽንት የቀላ ሁሉ ጠጠር አይደለም፤ በጋምቤላ ደግሞ ይህ ነገር ቁም ነገር ነው። ከባድ ወባ ሽንትን እንደ ኮካ ኮላ ሊያጠቁረው ይችላል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ካለ መጀመሪያ የወባ ምርመራ ነው። ቢልሃርዚያም አለ። ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት በአገራችን የሚታወቀው በአዋሽ ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌ እና በኩርሙክ አካባቢ ቆላዎች ነው። በእነዚህ ወንዞች የዋኘ ወይም ከዚያ የመጣ ሰው ያለ ጎን ሕመም በሽንቱ መጨረሻ ላይ ደም ካየ ይህን ለሐኪሙ ይንገር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ቀይ ያደርጋል፤ ቀይ ሥር የበላ ሰውም እንዲሁ ሽንቱ ሊቀላበት ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ደም አይደሉም።

🔹 አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ

ነገሩ እንዲጨበጥ በምሳሌ እናድርገው። ሰውየው የምሳሌ ሰው ነው፤ አካሄዱ ግን ሐኪሞች በየጊዜው የሚያዩት ነው። የ27 ዓመት ግንበኛ እንበል፤ ማታር ከገባ አምስት ወሩ። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ይሠራል፤ ከሻይ እና ከለስላሳ ውጪ ውሃ እምብዛም አይጠጣም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ግራ ጎኑን ይዞት ይነሳል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሕመሙ የመጨረሻ ደረጃ ይደርሳል። ሁለቴ ያስመልሰዋል። ግራ የዘር ፍሬውም ያመዋል። ጓደኞቹ ሲነጋ ወደ ጤና ተቋም ያደርሱታል።

እዚያ መጀመሪያ የሚለካው ትኩሳቱ ነው፤ 36.8 ሆነ። ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እንመጣበታለን። ባለሙያው ሆዱን ሲነካው ለስላሳ ነው። ግራ ጀርባውን፣ ከጎድኑ ሥር፣ በቀስታ መታ ሲያደርገው ይሸማቀቃል። የዘር ፍሬውም ይታያል፤ አላበጠም፣ ሲነካም አያመውም። ይህን ማየት ማፈር የማያስፈልገው ነገር ነው። የዘር ፍሬ በገመዱ ላይ ሲጠመዘዝ ልክ እንዲህ ያለ ሕመም ያመጣል፤ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ካልተፈታ ፍሬው ሊሞት ይችላል። "ኩላሊቴን ነው" ብሎ በአፍረት የደበቀ ወጣት ፍሬውን ሊያጣ ይችላል።

ቀጥሎ ሽንቱ ላይ የምርመራ ወረቀት ይነከራል። ደም ሦስት ፕላስ አሳየ፤ የኢንፌክሽን ምልክት ግን የለም። የወባ ምርመራው ነፃ ነው። ታማሚዋ ሴት ብትሆን ኖሮ እዚህ ላይ የእርግዝና ምርመራ ይጨመር ነበር። ከማሕፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝናም በአንድ ጎን ድንገት ስለሚያም እና ሕይወት ስለሚቀጥፍ ነው። የወር አበባ ቀርቶባት ጎኗን የሚያማት፣ የሚያዞራት ሴት ካለች ጠጠር ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ሕክምናው ዳይክሎፌናክ 75 ሚሊ ግራም በመርፌ፣ ጡንቻ ላይ ነው። ይህ ዝም ብሎ ማደንዘዣ አይደለም። ዳይክሎፌናክ እና አይቡፕሮፌን ቅድም ያልነውን ፕሮስታግላንዲን ያቆማሉ፤ ማለትም የሚገባው ደም ይቀንሳል፣ የሚሠራው ሽንት ይቀንሳል፣ ውጥረቱ ይረግባል። ከጠጠር ሕመም ጋር በቀጥታ የሚገጥም መድኃኒት ነው። ለዚህም ነው በብዙ አገር የሕክምና መመሪያዎች ውስጥ የመጀመሪያው ምርጫ የሆነው። የእኛ ግንበኛ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከአሥር ዘጠኝ የነበረው ሕመሙ ወደ ሦስት ወረደ።

ግን ለሁሉም አይሆንም። የኩላሊት ድካም ያለበት፣ ጨጓራው የቆሰለ ወይም የደማ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ለእነዚህ መድኃኒቶች አለርጂ የሆነ ሰው አይወስደውም። ለእነሱ ፓራሲታሞል ወይም ትራማዶል የመሳሰለ ሌላ አማራጭ በባለሙያ ይታዘዛል። ከጎረቤት መድኃኒት ተውሶ መዋጥ የማይመከረው ለዚህ ነው።

አልትራሳውንድ ሲነሳ ግራ ኩላሊቱ መጠነኛ ውጥረት ያሳያል፤ ፊኛው አጠገብ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠጠር ይታያል። አልትራሳውንድ የኩላሊቱን ማበጥ በደንብ ያሳያል፤ መሐል ቱቦ ላይ ያለ ጠጠር ግን ሊያመልጠው ይችላል። ከሁሉም በላይ በትክክል የሚያሳየው ያለ ቀለም መድኃኒት የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። ራጅም ይረዳል፣ ነገር ግን ከዩሪክ አሲድ የተሠራው ጠጠር በራጅ አይታይም።

🔹 ታዲያ ይወጣል ወይስ አይወጣም?

ወሳኙ መጠኑ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ጠጠር ከሦስቱ በሁለቱ ሰው ላይ ራሱ ይወጣል። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያለው በግማሽ ያህሉ ላይ ይወጣል። ከ10 በላይ የሆነው ብቻውን ይወጣል ተብሎ አይጠበቅም። ጊዜውም ይለያያል፤ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው በአማካይ በሳምንት ገደማ ሲወርድ፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነው ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

የእኛ ሰው ድንበሩ ላይ ነው። ስለዚህ የሚዋጥ ማስታገሻ እና ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ታዘዘለት። ታምሱሎሲን የታችኛውን ቱቦ ጡንቻ ያላላል፤ የበለጠ የሚጠቅመውም ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ታች የደረሰ ጠጠር ላይ ነው። ሲነሱ ማዞር ስለሚያመጣ ማታ መዋጥ ይሻላል። ሽንቱን በየጊዜው በንጹሕ ፋሻ አጣርቶ እንዲሸና ተነገረው። ይህ ቀልድ አይደለም። ጠጠሩ ካልተያዘ መውጣቱን ማረጋገጥ ይከብዳል፤ ከተያዘ ደግሞ ላቦራቶሪ ባለበት ተመርምሮ ከምን እንደተሠራ ይታወቃል።

በ4ኛው ቀን ሕመሙ ወደ ብሽሽት ወርዶ ሽንት ሽንት አለው። በ11ኛው ቀን ፋሻው ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቡናማ ነገር አገኘ። አለቀ።

🔹 መቼ ነው ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚሮጠው?

አሁን ምሳሌውን እንቀይረው። ያው ሰው፣ ያው ጠጠር፣ ግን በ3ኛው ቀን ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ ትኩሳቱ 38.9 ሆነ። ከዚህ በኋላ ነገሩ የሕመም ጉዳይ አይደለም። ከተዘጋው ቱቦ በላይ የቆመው ሽንት ተበክሏል፤ ባክቴሪያው መውጫ ስለሌለው ወደ ደም ይገባል። በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ወዲያው መጀመር አለበት፣ ግን ብቻውን አይበቃም። መዘጊያው መተንፈስ አለበት፤ ወይ በቱቦው ውስጥ ቀጭን ፕላስቲክ ይገባል፣ ወይ በጀርባ በኩል ቱቦ ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ሽንቱ ይቀዳል። ይህ ማታር ላይ ተቀምጦ የሚጠበቅ አይደለም። ወደ ጋምቤላ ከተማ፣ ካስፈለገም ከዚያ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የሚያስኬድ ነው። በክረምት መንገዱ በጭቃ በሚያዝበት ሰዓት ደግሞ "ነገ እናያለን" ማለት ውድ ያስከፍላል።

የሚከተሉት ካሉ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሌሊት ወደ ሕክምና ይኬዳል፦

👉 ትኩሳት ወይም መንቀጥቀጥ ከጎን ሕመም ጋር
👉 ሽንት ጭራሽ መቆም
👉 አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰው፣ ወይም ሁለቱም ጎን አንድ ላይ ማመም
👉 እርግዝና
👉 በመርፌም የማይረግብ ሕመም፣ ወይም ውሃም መድኃኒትም የማያስቀምጥ ማስመለስ

አንድ ነገር እንጨምር። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ የጎን ሕመም ከያዛቸው፣ በተለይ ካዞራቸው፣ የሆድ ትልቁ የደም ሥር ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መታየት አለባቸው።

🔹 ሕመሙ ጠፋ፤ ተሽሎኛል ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጠጠሩ ሳይወጣ ሕመሙ ሊጠፋ ይችላል። ቱቦው ተዘግቶ ከቆየ ኩላሊቱ ሽንት መሥራቱን ይቀንሳል፤ ውጥረቱ ይረግባል፤ ሰውየውም "ተገላገልኩ" ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ኩላሊቱ ግን በዝምታ እየተጎዳ ነው። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ኩላሊት ከሁለት ሳምንት አካባቢ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ሊጀምረው ይችላል።

ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው። ጠጠሩን በዓይናችሁ ካላያችሁ፣ ሕመሙ ቢጠፋም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሳችሁ አልትራሳውንድ ተነሱ። አሁንም ኩላሊቱ ካበጠ፣ ወይም ጠጠሩ በአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ካልወጣ፣ የሽንት አካላት ስፔሻሊስት ያስፈልጋል። እሱ ጠጠሩን ከውጭ በሚላክ ሞገድ ይሰብራል፣ ወይም በሽንት መውጫ በኩል በቀጭን ካሜራ ገብቶ በሌዘር ይፈጨዋል። ለብዙዎቹ የቱቦ ጠጠሮች ሆድ መክፈት አያስፈልግም።

🔹 እንዳይደገም

አንዴ ጠጠር የያዘው ሰው በ10 ዓመት ውስጥ እንደገና የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የሚቀንሰው ዋና ነገር ውሃ ነው፤ ግን የሚለካው በሚጠጣው ሳይሆን በሚወጣው ነው። ዓላማው በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር መሽናት ነው። አንድ የዕረፍት ቀን ምረጡና በ2 ሊትር ሃይላንድ እየሸናችሁ ለኩት። እስከ ማግስቱ ጠዋት ካልሞላ አልጠጣችሁም ማለት ነው። አዲስ አበባ ሆነው 3 ሊትር ቢበቃችሁ ማታር ፀሐይ ላይ ለሚሠራ ሰው ላይበቃ ይችላል። ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ጠጡ፤ ሽንት ሌሊት ላይ ነው የሚወፍረው።

ሎሚ ጨምቃችሁ ብትጠጡ ይጠቅማል፤ ውስጡ ያለው ሲትሬት ካልሲየም እንዳይጠጥር ይከለክላል። ጨው ቀንሱ፤ ጨው በበዛ ቁጥር ካልሲየም በሽንት ይወጣል።

ወተት ግን አትተዉ። "ጠጠሩ ካልሲየም ከሆነ ወተት ልተው" የሚለው ሒሳብ ትክክል ይመስላል፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ከምግብ ጋር የተጠጣ ወተት ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይይዘውና በሰገራ ይወጣል። ወተቱ ሲቀር ኦክሳሌቱ ወደ ደም ገብቶ ኩላሊት ይደርሳል። ወተት የዕለት ምግብ በሆነበት በኑዌር አካባቢ ይህ መልካም ዜና ነው።

ለማስታወስ ያህል ቤተሰቦች፦ ከጎን ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ አላስቀምጥ የሚል፣ ደም ያለበት ሽንት ያለው ሕመም ጠጠር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ቴርሞሜትር ካለ ትኩሳቱን ለኩ። ትኩሳት ካለ ሌሊትም ቢሆን ውጡ። ከሌለም ሲነጋ ሽንታችሁን አስመርምሩ፣ ፋሻ ያዙ፣ ጠጠሩን ሳታዩት አትዘናጉ። ቆላ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ አጋሩት።

#ጤና #ጋምቤላ #ማታር #የኩላሊት_ጠጠር